ወንበሩ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

በአሜሪካ አንዱ በርክሌይ ሌላው ቦስተን የሚገኙ ሁለት የታወቁ ቤተ ሙከራዎች የጡት ካንሰርን ለማጥናት አብረው መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያውን የሚመሩት ሚና ቢሰል፣ ሁለተኛውን የሚመሩት ኮርኔሊያ ፖሊያክ ነበሩ። ሥራው ከጡት የተወሰደ ሥጋ ውስጥ ሴሎችን ነጣጥሎ በየዓይነታቸው መለየት ነው። ሁለቱም ወገኖች ልምድ ያካበቱ ናቸው፤ የሚጠቀሙበት የመለያ መሣሪያም ተመሳሳይ ነው። ውጤታቸው ግን ሊገጥም አልቻለም። መሣሪያው ተፈተሸ፣ ኬሚካሉ ተፈተሸ፣ የናሙናው ምንጭ ተፈተሸ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የበርክሌዩ ተመራማሪ ቦስተን ድረስ ሄዶ ከባልደረባው ጎን ቆሞ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው ሠሩት። ምክንያቱ ያን ጊዜ ተገኘ። ሥጋው በኢንዛይም እስኪፈታ ድረስ አንደኛው ቤት ለጥቂት ሰዓታት በኃይል ያማስለዋል፤ ሌላኛው በቀስታ እያወዛወዘ ያሳድረዋል። ልዩነቱ ይኸው ነበር። ሁለቱ ቡድኖች የደረሰባቸውን በ2014 በሴል ሪፖርትስ መጽሔት ላይ ጽፈው አሳተሙት።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የደበቀም የዋሸም ሰው የለም። አማሳዩም አወዛዋዡም የሚያደርገውን ነገር የዕለት ሥራው ስለሆነ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ይሠራዋል ብሎ አላሰበም፤ ስለዚህም ልዩነቱ ከወረቀት ላይ አልተነበበም። የጥናት ዘዴን የሚጽፍ ሰው ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ማንም የማይፈልገውን ዝርዝር በገጽ በገጽ ይጽፍና ውጤቱን የምትወስነዋን አንዲት ሐረግ ይረሳታል።

ለምርምር ዓለም እንግዳ ለሆነ አንባቢ ነገሩን ላብራራ። ማንኛውም ሳይንሳዊ ጽሑፍ፣ የማስተርስ መመረቂያም ይሁን የመጽሔት ጽሑፍ፣ «ምን ተሠራ፣ እንዴትስ ተሠራ» የሚል ክፍል አለው። ተማሪዎች ሜቶዶሎጂ ይሉታል። ሌላ ከተማ ያለ፣ ሙያውን የሚያውቅ፣ ጸሐፊውን ግን በስልክ ማግኘት የማይችል ሰው ያንን ክፍል ብቻ አንብቦ ሥራውን መድገም እንዲችል የሚጻፍ ነው። አንባቢው ባለሙያ ስለሆነ ጓንት እንዴት እንደሚጠለቅ አይነገረውም። ጸሐፊውን መጠየቅ ስለማይችል ደግሞ ሁለት መንገድ ባለበት ቦታ ሁሉ የትኛው እንደተመረጠ ሊነገረው ይገባል።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። በሕክምናና በጤና ትምህርት ክፍሎች እንደ ደም ማነስ የተዘወተረ የመመረቂያ ርዕስ ጥቂት ነው። ተማሪው አንድ ጤና ጣቢያ ሄዶ ለእርግዝና ክትትል የሚመጡ እናቶችን ሄሞግሎቢን ይለካል፤ ከመቶው ስንቱ ደም ማነስ እንዳለባቸውም ይናገራል። የልኬቱ አንቀጽ ብዙውን ጊዜ ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንዱን እኔው እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ከማንም ወረቀት አልተቀዳም።

«ለክትትል የመጡ እናቶች በአክብሮት ተጠርተው ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ከተደረገ በኋላ የጥናቱ ዓላማ ይገለጽላቸዋል። ከዚያም የሠለጠነ የላቦራቶሪ ባለሙያ ንጹሕ ጓንት አድርጎ የእናትየዋን ጣት በአልኮል በራሰ ጥጥ ያጸዳል። ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል ላንሴት ጣቷን ወግቶ የደም ናሙና ይወስዳል። ናሙናው በዘመናዊው የሄሞኪው መሣሪያ ተመርምሮ ውጤቱ በተዘጋጀው ቅጽ ላይ በእስክሪብቶ ይመዘገባል። ያገለገሉ ላንሴቶችና ጥጦች በደኅንነት ሣጥን ውስጥ ይጣላሉ። የሄሞግሎቢን መጠኗ ከ11 ግራም በዴሲሊትር በታች የሆነ እናት ደም ማነስ እንዳለባት ትቆጠራለች።»

አንቀጹ ሲነበብ ጥንቃቄ የተሞላበት ይመስላል። ለመድገም የሚነሣ ሰው ግን እጁ ላይ ምንም አይቀርለትም። በነገራችን ላይ «ይገለጽላቸዋል»፣ «ያጸዳል»፣ «ይመዘገባል» የሚለው አነጋገር ከፕሮፖዛሉ በቀጥታ መገልበጡን ያሳብቃል። ፕሮፖዛል ሊደረግ የታሰበውን ይናገራል፤ የተጠናቀቀ ጥናት የሚናገረው የተደረገውን ነው። በመሐል ምን እንደተለወጠ፣ መሣሪያው ስንት ቀን እንደተበላሸ፣ በምን እንደተተካ ከዚህ አንቀጽ አይታወቅም።

ለማሳጠር ስቀመጥ እያንዳንዱን ሐረግ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። ይህ ቢለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል? ቀጥሎ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ባይነገረው በሌላ መንገድ ሊያደርገው ይችላል? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ሐረጉ ይቆያል። አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ ይወጣል።

እስክሪብቶው በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል፤ በእርሳስም ቢጻፍ ቁጥሩ ያው ነው። የደኅንነት ሣጥኑ ግዴታ ቢሆንም ልኬቱን አይነካም፤ ቦታው የሥነ ምግባር ኮሚቴው ያጸደቀው ሰነድ ነው። የአልኮሉ ነገር ትንሽ ይለያል። ጣቱ ሳይደርቅ ከተወጋ አልኮሉ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ንባቡን ያዛባል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያልፋል። ነገር ግን ጣት እስኪደርቅ መጠበቅን ማንኛውም የላቦራቶሪ ባለሙያ በሥልጠናው የሚማረው ነው፤ ባይነገረውም ያደርገዋል። በሁለተኛው ጥያቄ ወድቆ ይወጣል። አማካሪዎችና ተማሪዎች የሚከራከሩት እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ተማሪው «ፈታኙ ቢጠይቀኝስ?» ይላል። ፈታኙ ቢጠይቅ በቃል ይመለስለታል፤ ወረቀቱ የሚጻፈው ለሚደግመው ሰው ነው።

ወንበሩ ግን አስቸጋሪ ነው። «በአክብሮት ተጠርተው ወንበር ላይ» የሚለው ሐረግ ጌጥ ስለሚመስል ብዙ አራሚ በመጀመሪያ የሚሰርዘው እሱን ነው። ሰው ሲቆም የደሙ ፈሳሽ ክፍል ጥቂቱ ከደም ሥር ወደ ሰውነት ይወጣል፤ በደሙ ውስጥ የሚቀረው ሄሞግሎቢን ስለሚወፍር ንባቡ ከፍ ይላል። ሲቀመጥ ወይም ሲተኛ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንዷ እናት ሰልፍ ላይ ቆማ ቆይታ ወዲያው ከተለካች፣ ሌላዋ ተቀምጣ አርፋ ከተለካች ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አይነጻጸሩም። ጤና ጣቢያ ደግሞ እናቶች የሚቆሙበትም የሚቀመጡበትም ቦታ ነው። እንግዲህ አክብሮቱ ይውጣና ወንበሩ ይቆይ፤ ሳይለኩ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጡም ይጨመርበት።

«ዘመናዊው የሄሞኪው መሣሪያ» ሲባልስ? ዘመናዊነቱ ምንም አይነግረንም፤ የሚያስፈልገው የሞዴሉ ቁጥር ነው። በአገራችን ጤና ተቋማት በብዛት የሚታየው 301 የሚባለው የደም መያዣ ኩቬቱ ውስጥ ኬሚካል የለውም። 201 የሚባለው ኩቬት ደግሞ ደረቅ ኬሚካል ስላለው ብልቃጡ ተከፍቶ ከቆየ እርጥበት ያበላሸዋል። ደሙ ኩቬቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ሊቆይ እንደሚችልም ይለያያሉ። «ሄሞኪው» ብሎ ማለፍ እንግዲህ ሁለት የተለያዩ አሠራሮችን በአንድ ስም መጥራት ነው።

ከዚህም የባሰው «የደም ናሙና ይወስዳል» የሚለው ነው። ልኬቱ ሁሉ እዚህ ሦስት ቃላት ውስጥ ተደብቋል። ጣት ሲወጋ መጀመሪያ የሚወጣው ጠብታ ከሥጋው ፈሳሽ ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ይጠረጋል፤ አንዱ ባለሙያ አንድ ጠብታ ይጠርጋል፣ ሌላው ሁለት ወይም ሦስት። ደሙ አልወጣ ሲል ጣቱን የሚጨምቅ አለ፤ ሲጨመቅ ፈሳሽ ስለሚወጣ ደሙ ይቀጥንና ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ኩቬቱ ውስጥ አረፋ ከገባ ንባቡ ይሳሳታል። ጎበዝ ባለሙያዎች እዚህ ቦታ ላይ በእውነት ይለያያሉ፤ ልዩነታቸውም ቁጥሩ ላይ ይታያል። የአንቀጹ ርዝመት መዋል የነበረበት እዚህ ነበር።

የቀረው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከ11 በታች»። ይህ ቁጥር የወጣው በባሕር ወለል አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል። ስለዚህ ደጋ ላይ የተለካ ቁጥር ከመነጻጸሩ በፊት ተቀናሽ ይደረግለታል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀድሞው ሠንጠረዡ ለ2,500 ሜትር 1.3 ግራም እንዲቀነስ ያዛል። በ2024 ባወጣው አዲስ መመሪያ ግን ተቀናሹ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር ላለው ቦታ ወደ 1.8 ከፍ ብሏል።

በ2,500 ሜትር ላይ የምትኖር፣ የእርግዝናዋ የመጨረሻ ሦስት ወራት ላይ የደረሰች አንዲት እናት እናስብ። መሣሪያው 12.5 አነበበ። ከፍታውን የረሳ ተማሪ «ጤነኛ» ብሎ ይመዘግባታል። በቀድሞው ሠንጠረዥ የሠራው 1.3 ቀንሶ 11.2 ያገኛል፤ እሱም «ጤነኛ» ይላታል፣ ግን ለጥቂት ነው። በአዲሱ መመሪያ የሠራው 1.8 ቀንሶ 10.7 ያገኝና «ደም ማነስ አለባት» ይላል። ሴትየዋ አንዲት ናት፤ ጠብታውም አንድ ነው። እንዲህ ያሉ እናቶች በመቶዎች መሐል ሲበዙ የአንድ ከተማ የደም ማነስ ስርጭት በእጥፍ ሊለያይ ይችላል። አንባቢውም ከተማው ተባብሷል ወይስ ተማሪው ሠንጠረዥ ቀይሯል የሚለውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የሚያስገርመኝ ከፍታው ከወረቀቱ አለመጥፋቱ ነው። የእኛ የመመረቂያ ጽሑፎች «ጥናቱ የተካሄደበት አካባቢ» የሚል ንዑስ ርዕስ አላቸው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ፣ አማካይ ሙቀቷ፣ የቀበሌዎቿ ቁጥር፣ ሕዝቧ፣ ያላት የትምህርት ቤት ብዛት፣ በመሐሉም ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ይዘረዘራል። ከሦስት ገጽ በኋላ የልኬቱ አንቀጽ ሲመጣ ያ ከፍታ ምንም ሥራ አይሠራም። ለጌጥ ተጽፎ ለስሌት ተረስቷል። ከዚያ ንዑስ ርዕስ ውስጥ ከፍታውን ብቻ አውጥቶ ከሄሞግሎቢኑ ጎን ማኖር፣ የተቀረውንም ያለ ርኅራኄ መሰረዝ ነው። የኪሎ ሜትሩ ርቀት ለማንም ደም ማነስ ምክንያት ሆኖ አያውቅም።

ተቀናሹ ራሱ ለእኛ አገር ሰው ይሠራል ወይ? እዚህ ላይ ጥያቄ አለ። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክተው ነበር። የሄሞግሎቢን መጠናቸው ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አልተለየም። በአንዲስ ተራሮች በተመሳሳይ ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ላይ የሚታየው ጭማሪ በእነሱ ላይ አልታየም። ስለዚህ ሠንጠረዡ ነገ ለኢትዮጵያ ደገኛ ተለይቶ ሊስተካከል ይችላል። ያኔ የዛሬው ጥናት ከጥቅም ውጭ እንዳይሆን ተማሪው የተስተካከለውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያው ያነበበውን ያልተነካ ቁጥርም በአባሪ ማኖር አለበት። ይህ ለዘዴው ክፍል አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጨምራል።

ተጠርጎ ሲያልቅ አንቀጹ ይህን ይመስላል፦

«ሄሞግሎቢን የተለካው ከጣት በተወሰደ ደም፣ በሄሞኪው 301 ነው። እናቶቹ ከልኬቱ በፊት ቢያንስ 10 ደቂቃ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጠብታዎች ተጠርገው ሦስተኛው፣ ጣት ሳይጨመቅ፣ ወደ ኩቬቱ ገብቷል። አረፋ የታየበት ኩቬት ተጥሎ በአዲስ ተደግሟል። ጤና ጣቢያው 2,500 ሜትር ላይ ስለሚገኝ በዓለም ጤና ድርጅት የ2024 መመሪያ መሠረት ከእያንዳንዱ ንባብ 1.8 ግራም በዴሲሊትር ተቀንሷል። ደም ማነስ የተባለው የተስተካከለው መጠን በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ከ11.0፣ በመካከለኞቹ ከ10.5 በታች ሲሆን ነው። የእርግዝናው ዕድሜ የተሰላው ከመጨረሻው የወር አበባ ቀን ነው። ያልተስተካከሉት ንባቦች በአባሪ ቀርበዋል።»

ርዝመቱ ከመጀመሪያው ብዙ አይለይም። ማሳጠር ማለት የግድ ቃላት መቀነስ አይደለም፤ ሥራ የማይሠራው ቃል ወጥቶ ቦታው ለሚሠራው ተለቀቀ። የእርግዝና ዕድሜ አቆጣጠር ለምን እንደገባ የሚጠይቅ ይኖራል። አዲሱ መመሪያ ለመካከለኞቹ ወራት የተለየ መነሻ ስላለው፣ ዕድሜው በወር አበባ ቀን ወይም በአልትራሳውንድ መቆጠሩ አንዲትን እናት ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ሊያሻግራት ይችላል። በ2017 ኔቸር ላይ ሦስት የአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች መሪዎች የትናንሽ ትሎችን ዕድሜ በየቤታቸው ለክተው ስላልገጠመላቸው ቁጥር ጽፈው ነበር። ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ አንዱ ቤት ዕድሜውን እንቁላሉ ከተፈለፈለበት ጊዜ፣ ሌላው ከተጣለበት ጊዜ መቁጠሩ ነበር። መቁጠር ከየት እንደሚጀመር ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል።

ከልኬቱ አንቀጽ ውጭ ብዙ ቦታ የሚወስደው የናሙና ስሌቱ ነው። ቀመሩ ይጻፋል፣ እያንዳንዱ ፊደል ምን እንደሚወክል ይተረጎማል፣ ማባዛቱና ማካፈሉ ይዘረዘራል፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን 422 ወይም 423 መመረቂያ ጽሑፍ አዘውትሮ የሚያነብ ሰው ገና ከሩቅ ያውቀዋል። ስርጭቱ 50 በመቶ ተብሎ ተገመተ፣ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ፣ የእርግጠኝነት ደረጃው 95 በመቶ፣ ለማይመልሱ ሰዎች 10 በመቶ ተጨመረ፤ ይህ ከተነገረ ማንም በካልኩሌተር ይደርስበታል። በምትኩ ብዙ ጊዜ የማይጻፈው የተመረጠችው እናት እምቢ ስትል ምን እንደተደረገ ነው። ቀጣይዋ ተተካች ወይስ ቦታዋ ባዶ ቀረ? ፈቃደኛ የሆኑትን ብቻ እየተኩ መሄድ ናሙናውን ሳይታወቅ ሌላ ናሙና ያደርገዋል።

ሌላው የማሳጠሪያ መንገድ «ቀደም ሲል በተገለጸው መሠረት» ብሎ ወደ ሌላ ጽሑፍ መምራት ነው። ጥሩ መንገድ ነው፤ ግን አንባቢው የተጠቀሰውን ሲከፍት እሱም ወደ ሌላ፣ ያኛውም ወደ ሦስተኛ ይመራዋል፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው አሠራሩ ከሌለበት ወይም በነጻ ከማይከፈት ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ ከመጥቀስ በፊት ያንን ጽሑፍ ከፍቶ አሠራሩ በእርግጥ እዚያ መኖሩን ማየት፣ የተለወጠውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይገባል፦ «እንደተጠቀሰው፣ አንድ ጠብታ ሳይሆን ሁለት ጠብታ በመጥረግ»። ዛሬ ቦታ እንደ ድሮው ሰበብ አይሆንም። ኔቸር በ2013 ለዘዴው ክፍል የነበረውን የቦታ ገደብ አንሥቷል፤ ደረጃ በደረጃ የሚጻፈውን ሙሉ አሠራር በአባሪ ወይም ለዚሁ በተዘጋጁ የኢንተርኔት ማኅደሮች ማኖርም ተለምዷል። የደኅንነት ሣጥኑ፣ የቅጹ ናሙና፣ የባለሙያዎቹ ሥልጠና ሰዓት እዚያ ይሂዱ።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ግን ጸሐፊው ራሱ ምን እንደጎደለው ማየት አይችልም፤ በርክሌይና ቦስተን ያሉትም አልቻሉም። አንድ የሚሠራ ዘዴ አለ። በጥናቱ ውስጥ ያልነበረ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይፈለግ፤ አንቀጹ ይሰጠው፤ መሣሪያው ፊቱ ይቀመጥ፤ ጸሐፊው ዝም ብሎ ይመልከት። ባለሙያው ሳያነበው የሚያልፈው ዓረፍተ ነገር የሚወጣው ነው። ቆም ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ የጎደለው ነው፤ መልሱን በቃል ለመስጠት መቸኮል ሙከራውን ያበላሻል፤ ጥያቄውን መጻፍ ብቻ ነው። አንዲት ተማሪ በእድሜ ለሚበልጧት ባለሙያ ወረቀቷን ሰጥታ ስትጠብቅ ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቀና ብለው «የኔ ልጅ፣ ሦስተኛው ጠብታ አልወጣ ቢልስ?» አሏት። እሷም ማስታወሻዋን ገለጠች። ሌላ ጣት ይወጋ ነበር፤ ከሁለተኛውም ካልወጣ እናትየዋ ከጥናቱ ትወጣ ነበር፤ ጣታቸው ቀዝቅዞ ደም አልወጣ ያላቸው ደግሞ በጠዋት ከሩቅ በእግር የመጡት ነበሩ። ማን እንደተለካ የሚለውጥ ነገር ስለሆነ ወደ አባሪ አልሄደም፤ ከነቁጥራቸው በአንቀጹ ውስጥ ገባ።